በቦውሊንግ 10ኛው ፍሬም ላይ 10 ነጥብ የት ጠፋብኝ?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቦውሊንግ መጫወት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቅዳሜ ከእስካሁኑ ሁሉ የተሻለውን ጨዋታ ተጫወትኩ። መጨረሻው ፍሬም ላይ ስትራይክ መታሁ፤ ቀጥሎ 7፣ ከዚያ የቀሩትን 3 ጣልኩ። ስክሪኑ 188 አለኝ። ቤት ገብቼ በወረቀት ስደምረው ግን 198 ይመጣልኛል። ስትራይኩ የሚቀጥሉትን ሁለት ኳሶች ስለሚወስድ 20 ነው። ከዚያ ደግሞ ስፔር አለኝ፣ ሌላ 10። ታዲያ 30 መሆን የለበትም? ስፔር ካገኘሁስ ለምን ሌላ ኳስ አልተሰጠኝም? ስክሪኑን በስልኬ አንስቼው ነበር፤ ይኸው፦

```
9/  X  72  X  X  6/  81  9/  X  X7/
```

የእሁድ ተጫዋች

ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ አንተም ስክሪኑም። ስትራይክ ማለት 30 ነጥብ ነው፣ አለቀ። ስፔር ደግሞ 10 ሲደመር የዚያው ፍሬም የመጀመሪያ ኳስህ ነው። የሚቀጥለውን ኳስ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ዓለም አቀፍ ውድድር ሲተላለፍ እንደዚያ ሲቆጥሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሊግ ተጫዋች

የእሁድ ተጫዋች ያየው አቆጣጠር በእርግጥ አለ። አንዳንድ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ተመልካች ቶሎ እንዲገባው ብለው ይጠቀሙበታል። በዚያ ሕግ ግን 10ኛው ላይ ጭማሪ ኳስ የለም፤ ስትራይክ ከመታህ እዚያው ያበቃል። የጠያቂው ጨዋታ በዚያ ቢቆጠር 222 ይሆን ነበር። በየሰፈሩ ያሉ ቦታዎችና ሊጎች የሚቆጥሩት ግን በድሮው መንገድ ነው። ጠያቂው ጭማሪ ኳስ ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ የሱ ስክሪን በድሮው ነው የቆጠረው። 188ቱም ልክ ነው።

10ሩ ነጥብ የጠፋብህ እዚህ ጋ ነው። ስትራይክ 10 ነጥብ ነው፣ ጉርሻው ደግሞ የሚቀጥሉት ሁለት ኳሶች የጣሉት ፒን ነው። ስፔርም 10 ነው፣ ጉርሻው ግን የሚቀጥለው አንድ ኳስ ብቻ ነው። ከ1ኛው እስከ 9ኛው ፍሬም ድረስ ጉርሻ የሆነው ኳስ የራሱም ፍሬም ስላለው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ወደ ኋላ ተመልሶ ላለፈው ፍሬም። ሁለት ስትራይክ ከተከታተለ ሦስተኛው ቦታ ላይ ያለው ኳስ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። 6ኛው ፍሬም ላይ የጣልከው 6 እንደዚያ ነው፤ ለ4ኛውም ለ5ኛውም ለራሱም ገብቷል።

11ኛ ፍሬም ግን የለም። 10ኛው ላይ ስትራይክ ስትመታ ጉርሻው ከየት ይምጣ? ለዚህ ነው ሁለት ኳስ የሚጨመርልህ። እነዚያ ኳሶች የሚወረወሩት የስትራይኩን ጉርሻ ለመሙላት ብቻ ነው፤ የራሳቸው ፍሬም የላቸውም። ስለዚህ 7 እና 3 ሲወድቁ ስትራይኩ 20 ሆነ፣ በቃ። ያ ስፔር በስክሪኑ ላይ / ተብሎ ይጻፍ እንጂ አዲስ ስፔር አይደለም። ጉርሻ በጉርሻ ላይ አይወለድም። ሌላ ኳስ ያልተሰጠህም ለዚህ ነው።

ያንተ ጨዋታ እየተደመረ ሲሄድ ይህን ይመስላል፦

```
9/  X   72  X   X   6/   81   9/   X    X7/
20  39  48  74  94  112  121  141  168  188
```

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ብቻ ልጠይቅ። 9ኛው ላይም ስትራይክ አለኝ። ከ141 ወደ 168 ሄደ፣ ማለትም 27። ከጎኑ ያሉትን ሦስቱን ኳሶች ለምን አልወሰደም?

ሊግ ተጫዋች

ስትራይክ መቼም ቢሆን ከሁለት ኳስ በላይ አይወስድም። 9ኛው የ10ኛውን የመጀመሪያ ኳስ ወሰደ፣ 10። ሁለተኛውን ወሰደ፣ 7። ከራሱ 10 ጋር 27። ሦስተኛው ኳስ 9ኛው ጋ አይደርስም፣ ለ10ኛው ብቻ ነው።

ያ 7 የወደቀበት ኳስ ግን ትልቅ ዋጋ ነበረው። እሱም ስትራይክ ቢሆን ኖሮ 9ኛው 30 ይሆንና 171 ላይ ትደርሳለህ። ከዚያ በመጨረሻው ኳስ 9 ፒን ብትጥል 10ኛው 29 ነው፣ ድምሩም 200። እኔ ሁልጊዜ የምለው፣ 9ኛውን ስትራይክ ከመታህ የ10ኛው ሁለተኛ ኳስ ላይ አትቸኩል።

የሁለት ልጆች እናት

እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። የልጄ የመጀመሪያ ኳስ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው አሥሩንም ጣለ። ስክሪኑ ግን X አላለም፣ / ብሎ ጻፈ። ልጁ «ሁሉንም በአንድ ኳስ ጣልኩ፣ ስትራይክ ነው» ብሎ አለቀሰ። ማሽኑ አጭበርብሮታል ማለት ነው?

ሊግ ተጫዋች

እህቴ፣ ማሽኑ ልክ ነው። ስትራይክ የሚባለው አሥሩም በፍሬሙ የመጀመሪያ ኳስ ሲወድቁ ነው። የሱ ስፔር ነው፣ ጉርሻውም አንድ ኳስ ብቻ ነው። 10ኛው ፍሬም ላይ ቢሆንም ያው ነው፤ አንድ ጭማሪ ኳስ ብቻ ይሰጠው ነበር።

ከፍራንክፈርት

ሁላችሁም ስለ ድምር ታወራላችሁ። ድምሩን ማሽኑ አይስትም። የሚስተው ቆጠራውን ነው። አንዴ ሁለት ፒን ቆሞብኝ አንድ ብቻ ነው ብሎ 9 ጻፈልኝ። አንዱ ፒን ከቦታው ተንሸራቶ ከሌላው ጀርባ ሆኖ ነበር፣ ካሜራው አላየውም። ጓደኞቼ ተቃወሙኝ፣ ልክም ነበሩ። ሂሳብ የሚቀበሉት ሠራተኞች ጋ ሄደን ነገርናቸው፣ ከዚያው ወደ 8 ለወጡት። 10ኛው ላይ ይህ ቢያጋጥም ደግሞ ችግሩ ይብሳል። 9 ላይ የቀረውን ስትራይክ ነው ብሎ ከመዘገበ ፒኖቹን ሁሉ እንደገና ይደረድራቸዋል።

ሊግ ተጫዋች

ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። 10ኛው ላይ ፒኖቹን በዓይናችሁ ተከታተሉ። ከስትራይክ ወይም ከስፔር በኋላ አሥሩም አዲስ መቆም አለባቸው። ከስትራይክ በኋላ 7 ከጣላችሁ ግን የቀሩት 3 ናቸው መቆም ያለባቸው። አሥር ከቆሙላችሁ ሳትወረውሩ ሠራተኛ ጥሩ። ከወረወራችሁ በኋላ ማስተካከሉ ያከራክራል።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ፣ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር የልደት ዝግጅት ላይ የልጄ ጓደኛ ገና በመጀመሪያው ኳስ ስትራይክ ስትመታ ስክሪኑ ወዲያው 30 ብሎ ጻፈላት። ያኔ አልገረመኝም ነበር።

የእሁድ ተጫዋች

ያልኩት ይኸው! እዚያ ቤት በአዲሱ ነው የሚቆጥሩት።

ሊግ ተጫዋች

ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ማሽኖች ላይ አቆጣጠሩ ይቀየራል። ግን ሊደረስ የሚችለውን ከፍተኛ ነጥብ ከጎን የሚያሳዩ ስክሪኖችም አሉ፤ ምናልባት የታየሽ እሱ ይሆናል። ያም ቢሆን መጀመሪያ ላይ 300 ነበር የሚለው፣ 30 አይደለም። እህቴ፣ ቁጥሩ የነበረው ከፍሬሙ ሳጥን ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?

የሁለት ልጆች እናት

እሱን አላስታውስም። ቅዳሜ እንደገና ስለምንሄድ አይቼ እጽፋለሁ።