ማግኒዚየም ሰልፌት ወይስ ሃይድራላዚን፦ የቱ ይቀድማል?

ሰላም ሚድዋይፎች፣ ለመውጫ ፈተና ስዘጋጅ አንድ ጥያቄ ላይ ቆሜያለሁ። የ19 ዓመት ሴት፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ፣ 36ኛ ሳምንት። የደም ግፊቷ 170/115፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን 3+፤ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና ከደረቷ ሥር ሕመም አላት። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ መሆኑ አላጠራጠረኝም። ያስቸገረኝ «በቅድሚያ ምን ትሰጫለሽ?» የሚለው ነው።

እኔ ማግኒዚየም ሰልፌት አልኩ፤ እንዳትንቀጠቀጥ ይከላከላልና። 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ መቀመጫ ጡንቻ 5 ግራም። ጓደኛዬ ግን ግፊቱ ከ160/110 ስላለፈ አንጎሏ ውስጥ ደም እንዳይፈስ ሃይድራላዚን 5 ሚሊ ግራም ይቀድማል ትላለች። በተግባር ሁለቱም ወዲያው እንደሚሰጡ፣ ማግኒዚየምም የግፊት ማውረጃ አለመሆኑን አውቃለሁ። አንድ ብቻ ምረጪ ሲባል ግን ከጥያቄው የትኛውን ቃል ልከተል?