ወንድሜ አረቄ በአንዴ ካቆመ ወዲህ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ጠበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት?

የደምበጫዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደምበጫ ወጣ ካለች ቀበሌ ነው። ታላቅ ወንድሜ 44 ዓመቱ ነው። 15 ዓመት ያህል በየቀኑ አረቄ ጠጥቷል፣ አሁን አሁንማ ጠዋት ሳይቀምስ ከአልጋ አይነሳም። እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ጠጣና «በቃኝ» ብሎ ተሳለ። ሰኞ ጠዋት እጁ ስኒ መያዝ አቃተው፣ አስመለሰው፣ ላብ አጠመቀው። ሌሊቱን አልተኛም፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል ይላል። እማዬ «ያደረበት እየለቀቀው ነው» ብላ ነገ ሊነጋጋ ሲል፣ እህል ሳይቀምስ፣ በእግር 3 ሰዓት ወደሚያስኬድ ጠበል ልትወስደው ተነስታለች። አሁን ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ሱስ ሲወጣ እንዲህ ነው? ዝም ብዬ ልጠብቅ?

ባለጋቢው፦
እህቴ አትደንግጪ፣ እኔም አልፌበታለሁ። ቡሬ ሳለሁ በቀን ግማሽ ሊትር ዳግም አረቄ እጨርስ ነበር። መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ራሱ አረቄው ነው። አንድ መለኪያ ስጡት፣ ወዲያው ይረጋጋል። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነሳችሁለት ትሄዳላችሁ። እኔ በ5 ሳምንት ውስጥ ጨርሼ ተውኩት፣ ሐኪም ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም።

ጤና መኮንኑ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሦስት ነገር መልሺልኝ። አንደኛ፣ አሁን የት እንዳለ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ፣ አንቺ ማን እንደሆንሽ ያውቃል? ሁለተኛ፣ ሰውነቱ ይተኩሳል? ሦስተኛ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ተንቀጥቅጦ ያውቃል?

የደምበጫዋ፦
እኛን ያውቃል፣ ስማችንን ይጠራል። ጉንዳኑንም «እናንተ አይታያችሁም መሰል» ይላል። ትኩሳቱ እምብዛም ነው። መውደቁን ግን… አምና ዐቢይ ጾም ሲገባ አቁሞ በ2ኛው ቀን ወድቆ አረፋ ደፍቆ ነበር። የሚጥል በሽታ ነው ብለን ክብሪት አሸተትነው። ከዚያ ወደ መጠጡ ተመለሰና ሳይወድቅ ቀረ።

ጤና መኮንኑ፦
በቃ፣ ይቺ ያምናዋ ነገር ጉዳዩን ቆርጣዋለች። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ነገ አይደለም፣ አሁን።

ምክንያቱን ልንገርሽ፣ ለእናትሽም በደንብ እንድታስረጃት። አንጎል ውስጥ የሚያረጋጋ ኃይል አለ፣ የሚያነቃ ኃይልም አለ። አረቄ በየቀኑ ሲገባ የማረጋጋቱን ሥራ እሱ ይይዘዋል። አንጎል ደግሞ እንዳይደነዝዝ ሲል የራሱን ማረጋጊያ ያዳክማል፣ ማነቂያውን ያበረታል። ሁለት ሰው አንድ በር ግራና ቀኝ ቆመው ሲገፉ አስቢ። አንዱ ድንገት ቢለቅ ሌላው በሩን በርግዶ ይወድቃል። አረቄው በአንዴ ሲቆም የሚሆነው ይህ ነው። ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። የለቀቀው መንፈስ አይደለም፣ የበረታው የአንጎል ማነቂያ ነው።

ሰዓቱን ቁጠሪ። ከእሁድ ማታ 2 ሰዓት እስከ ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ድረስ 38 ሰዓት ነው። መንቀጥቀጡ፣ ማስመለሱና ላቡ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ የእሱም ልክ እንደዚያው ነው። ጉንዳን ማየቱ ደግሞ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ይመጣል። አእምሮው ገና ጤነኛ ስለሆነ «እናንተ አይታያችሁም መሰል» ብሏል። መውደቁ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ወንድምሽ አሁን በዚያ መስኮት ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ደግሞ እንደገና ሲያቆም የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ይላል። ቆም፣ ጀመር፣ ቆም፣ ጀመር ባለ ቁጥር አንጎሉ እየተቆጣ ይሄዳል።

ከሁሉ የምፈራው ግን 3ኛውንና 4ኛውን ቀን ነው። ያኔ ትኩሳት ይመጣል፣ ሰውየው የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ይሮጣል፣ ይታገላል፣ ቀንና ሌሊት ይዘባረቅበታል። ይህ ካልታከመ ሰው ይገድላል። ነገ ጠዋት በእግር 3 ሰዓት ባዶ ሆዱን ሄዶ ጠበል ሲደርስ፣ ልክ እዚህ ቀን ላይ ይገባል ማለት ነው።

ዲያቆኑ፦
ስለ ጠበሉ ልናገር፣ አጎቴን ያጣሁት በዚሁ ነውና። ከሞጣ አካባቢ ጠበል ወስደነው በ3ኛው ሌሊት ሰው አያውቅም ነበር። እኛ «ሰይጣኑ እየጮኸ ነው» አልን፣ አሰርነው። ሲነጋጋ ትንፋሹ ቆመ። ለዓመታት መንፈስ ነው ብዬ ኖሬ፣ በኋላ የሕክምና ተማሪ ጓደኛዬ በተራ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። ጠበል እወዳለሁ፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ግን እናትሽ ሐኪም ቤት አስተኝታው፣ አስታማ፣ በኋላ በእግሩ ይዛው ብትሄድ ማንም አይቀየማትም። ስለቱ አይፈርስም።

የባሕር ዳሯ፦
ባለቤቴ በየእሁዱ ሁለት ጣሳ ጠላ ይጠጣል። ይህን አንብቤ ልቤ ቀጥ አለ። ቢያቆም እሱም ይወድቃል ማለት ነው? መጠጥ የሚያስጠላ መድኃኒት አለ ሲሉም ሰምቻለሁ፣ የት ይገኛል?

ጤና መኮንኑ፦
እህት፣ ባለቤትሽ አይወድቅም። ይህ የሚመጣው በየቀኑ፣ በብዛት፣ ለረጅም ጊዜ ለጠጣ ሰው ነው። ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያኔ ምልክቱ ይኸው ነው። ስለ መድኃኒቱ ሌላ ጊዜ ጠይቂኝ።

ወደ ደምበጫዋ ልመለስ። ባለጋቢው ያለው ግማሹ እውነት ነው። ገና እየጠጣ ያለ፣ ወድቆ የማያውቅ፣ ሐኪም ጋ መድረስ ያልቻለ ሰው በአንዴ ከሚያቆም ቀስ እያለ ቢቀንስ ይሻለዋል። ወንድምሽ ግን እያስመለሰው ነው፣ ነገር እያየ ነው፣ አምና ወድቋል። ቢዋጥለት እንኳ ማስመለሱ ወደ ሳንባው ሊወስደው ይችላል። የዳግም አረቄ ጥንካሬም ከቤት ቤት ይለያያል፣ በመለኪያ እንቀንሳለን ብንል ምን ያህል እንደሰጠን አናውቅም። ከመድኃኒት ቤት ዳያዚፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ገዝታችሁ በቤት አትስጡ፣ ከአረቄ ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በሆስፒታል ያው ዳያዚፓም ነው የሚሰጠው፣ ልዩነቱ ምልክቱን እያዩ፣ ትንፋሹን እየተከታተሉ መስጠታቸው ነው።

አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ። መንገድ ላይ ወደ ትንሽ ክሊኒክ ብትገቡ «ግሉኮስ እንስቀልለት» ይሉሻል። ከግሉኮሱ ጋር ቢ ዋን ቫይታሚን፣ ቲያሚን የሚባለውን መስጠታቸውን ጠይቂ፣ ቀድሞ ቢገባ ይመረጣል። የአረቄ ጠጪ ሰውነት ብዙ ጊዜ ቫይታሚኑን ጨርሷል፣ ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ዓይኑ ሲዛነፍ፣ ሲራመድ ሲንገዳገድ፣ ሲዘነጋ ካየሽ ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ንገሪያቸው።

መንገድ ላይ ቢወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪት አታሸትቱት። እጅና እግሩን አትሰሩት።

ባለጋቢው፦
እሺ፣ የሱን ያህል ስላልወደቅሁ ይሆናል እንዲያ የቀለለኝ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ ሆስፒታል ለመድረስ መንገድ የተዘጋበት ሰውስ ምን ይሁን? ለሱ መቀነሱ ብቸኛ መንገዱ ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ዲያቆኑ፦
ባለጋቢው፣ መቀነሱ ለአንተ ሠርቶልህ ይሆናል። እኔ ግን ብዙ ሰው «እየቀነስኩ ነው» እያለ እየጨመረ ሲሄድ አይቻለሁ። ማነው መለኪያውን የሚይዝለት? ሚስቱ ናት እንግዲህ፣ እሷም ተገፍታ ትሰጠዋለች።

የደምበጫዋ፦
ይህን ያህል ዝም ያልኩት ሆስፒታል ስለገባን ነው። ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለን ወደቀ። በጎኑ አስተኛሁት፣ አንድ ሽማግሌ ክብሪት ሊያወጡ ሲሉ እምቢ አልኩ። 2 ደቂቃ ያህል ቆየ። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ቲያሚኑን ራሷ አነሳችው፣ ሳልጠይቃት። ያንኑ ሌሊት መርፌ ተሰጥቶት ትንሽ ተኛ።

ረቡዕ ማታ ግን የባሰ ሆነ። እኔን በሟች አባታችን ስም ጠራኝ፣ ቤታችን ውስጥ ያለ መሰለው፣ ተኮሰው። ሐኪሙ መጠኑን ጨመሩለት፣ እኔና እማዬ እየተፈራረቅን አጠገቡ ተቀመጥን። መብራቱን አላጠፉትም፣ ጨለማ ያስደነግጠዋል አሉን። አርብ ጠዋት «ደምበጫ ነን?» አለኝ። «አይደለም» ስለው «እ፣ ሆስፒታል ነው ለካ» አለ። እማዬ አለቀሰች።

ዛሬ እሁድ ወጣን። የሚዋጥ ቲያሚን ሰጥተውታል። እማዬ ጠበሉን ትላለች፣ እሱም እሄዳለሁ ይላል። አሁን ይሂድ?

ጤና መኮንኑ፦
እግዚአብሔር ይመስገን። በእግሩ ይሄድ ዘንድ ጥቂት ቀን ይብላ፣ ይተኛ፣ ቲያሚኑን ይዋጥ። ከዚያ ቢሄድ የማግድበት የለኝም፣ እህል ሳይቀምስ እንዳይሄድ ብቻ፣ ሰው አብሮት ይሁን። እንቅልፍ ማጣቱና መነጫነጩ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ «ወንድሜ ተለወጠ» ብላችሁ አትደንግጡ። ሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ክፍል ካለው ለክትትል ቀጠሮ ያዙ።

አንድ ነገር ለእናትሽ ንገሪያት። መልሶ ቢጀምርና ሳምንታት ቢጠጣ፣ በሚቀጥለው ሲያቆም ቤት ውስጥ አይሁን። በ2ኛው ቀን ይወድቃል ብላ ቆጥራ፣ በመጀመሪያው ቀን ታምጣው።

የባሕር ዳሯ፦
እኔም ጎረቤቴን አስታወስኩ። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል፣ ጠዋት ሲጠጣ ይቆማል። ዛሬ ሚስቱን ቡና ልጠራት ነው።