«ሰነናቸው» የሚባል ግሥ አለ እንዴ? የደበዘዘ ደብዳቤ ንባብ

ሚጡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአያቴ የተጻፈ አንድ ገጽ የድሮ ደብዳቤ በስልክ አንስቼ ለጥፌያለሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው። አራት ላይ ታጥፎ ስለኖረ እጥፋቱ ያለበት መስመር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። አያቴ አሁን በሕይወት የሉም፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ያነበብኩትን ልጻፍላችሁ። ያልታየኝን በነጥብ ትቻለሁ።

«ውድ ወንድሜ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እትዬን ባለፈው እሑድ ሰነናቸው። ሲሄዱ ስምህን ይጠሩ ነበር። ሳንጣቸውን ለልጅቱ ሰጠናት። አደራህን ይህን ብቻህን እንዳ...»

ከዚያ በኋላ ፊርማ ብቻ ነው። «ሰነናቸው» ምንድነው? ግሡ «ሰነነ» ነው? እትዬስ ምን ሆኑ?

ሰምና ወርቅ፦
«ሰነነ» የሚል ግሥ በአማርኛ ሰምቼ አላውቅም። እኔ የሚመስለኝ «ሰነቅናቸው» ነው፤ ቅ ወድቃ ነው። ሰው መንገድ ሲሄድ ስንቅ ይቋጠርለታል፤ «ሰነቅንላቸው» ለማለት ፈልገው ይሆናል። ቀጥሎ «ሲሄዱ» ይላል፣ ሻንጣም አለ። መንገድ ነው በቃ። ደግሞ መግቢያው ላይ «ደህና ነን» ብለዋል። የከፋ ነገር ቢኖር ደህና ነን አይሉም ነበር።

የድሮ ተማሪ፦
እኔም ቤት እንዲህ ያለ ደብዳቤ አለ። የሴት አያቴ አባት ናቸው የጻፉት። «ይድረስ ከ» ብሎ ይጀምርና ስም ይጠራል። ቤተሰቡ በሙሉ ጸሐፊው ያ ሰው ነው ሲል ኖሯል። ታዲያ ታች ያለው ማኅተም የሌላ ሰው ሆኖ ግራ ገብቶን ቀረ። የሚያውቅ አለ?

ቁም ጸሐፊ፦
የድሮ ተማሪ፣ ያንተን በአጭሩ ልመልስና ወደ ሚጡ ልመለስ። በድሮ ደብዳቤ «ይድረስ ከእገሌ» ማለት «ለእገሌ ይድረስ» ማለት ነው። «ከ» ተቀባዩን ነው የሚያሳየው። የነገሥታቱም ደብዳቤ እንዲሁ ይጀምራል። ስለዚህ የተጠራው ስም የተቀባዩ ነው፤ ማኅተሙ የላኪው። ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም።

ሚጡ፣ ግሡን ትተሽ መጀመሪያ «ሳንጣቸውን» የሚለውን ተመልከቺ። ሳንጣ የሚባል ዕቃ የለም፤ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ሻ ላይ ያለችው የአናት ሰረዝ ጠፍታለች ማለት ነው። ይህን የጻፈ ሰው መጀመሪያ ሳ ይጽፍና ከዚያ እጁን አንሥቶ አናቱ ላይ ትንሽ ሰረዝ ይጥላል። ያቺ ሰረዝ በችኮላና በቀላል እጅ የምትሰመር ስለሆነች ቀለሟ ስስ ነው። ሲደበዝዝ ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት።

አሁን ሕጉን «ሰነናቸው» ላይ አውለሽ እይው። ሰ ላይ ሰረዝ ብትመልሺ ሸ ይሆናል። ነ ላይ ብትመልሺ ኘ ይሆናል። ሁለቱንም ስትመልሺ «ሸኘናቸው» ይወጣል። አንድም ፊደል አልጨመርንም፣ አንድም አልቀነስንም። «ሰነቅናቸው» ግን ያልታየ ቅ ያስጨምርሻል። በዚያ ላይ ሰው አይሰነቅም፤ የሚሰነቀው ምግቡ ነው፤ ለሰውዬው ከሆነ «ሰነቅንላቸው» ይባላል። ሰምና ወርቅ የመንገድ ነገር መሆኑን መጠርጠሩ ግን አልሳተም።

ሚጡ፦
ጋሼ ቁም ጸሐፊ እግዜር ይስጥልኝ! ሸኘናቸው! ታዲያ መንገድ ነው የሄዱት፤ ተገላገልኩ።

ቁም ጸሐፊ፦
ቆይ፣ አልተገላገልሽም። «ሸኘ» ሁለት መንገድ አለው። እንግዳም ይሸኛል፣ የሞተም ይሸኛል። «አባታችንን ሸኘናቸው» ብሎ ቀብሩን የሚናገር ሰው ብዙ ነው። «ሲሄዱ»ም እንደዚያው ነው፤ «ሄደ» ሞተ ለማለትም ይገባል። ሁለቱም ቃል ለሁለቱም ታሪክ ይመቻል። ስለዚህ ከቃሉ ብቻ አይፈረድም።

«ደህና ነን» ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። የደብዳቤ መግቢያ ነው፤ እጅ ለምዶት ይጽፈዋል። የሞት ዜና የያዘ ደብዳቤም በ«ደህና ነን» ይጀምራል። ከሰላምታው ሳይሆን ከሰላምታው ቀጥሎ ካለው ዓረፍተ ነገር ነው ነገሩ የሚጀምረው።

ወይን አበባ፦
እኔ ደግሞ «ቸው»ን ልጠይቅ። ሸኘናቸው ሲል ብዙ ሰዎች ቢሆኑስ? እንግዶች መጥተው ሄደው ይሆናል። ሰርግም ሊሆን ይችላል።

ሰምና ወርቅ፦
«እትዬን» ብሎ ነዋ የጀመረው። «እትዬን... ሸኘናቸው» ነው። አንዲት ሴት፣ በአክብሮት። ለብዙ ሰው ቢሆን ሌላ ስም ይኖር ነበር።

ወይን አበባ፦
እሺ፣ ይሄስ ልክ ነው። ሻንጣው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ተጓዥ ከሆኑ ሻንጣቸው አብሯቸው ይሄዳል እንጂ ለምን ለልጅቱ ይሰጣል?

ሰምና ወርቅ፦
ልጅቱ አብራቸው የምትሄድ ከሆነችስ? «ያዢላቸው» ተብላ ተሰጥቷት ይሆናል። እትዬ ሸክም አይችሉም።

ቁም ጸሐፊ፦
ሁለቱም ያስኬዳል። ቁልፉ ያለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ይህን ብቻህን እንዳ...» ብሎ ተቆርጧል። «ይህን» ደብዳቤውን ማለት ከሆነና ቀጥሎ ያለው «እንዳታነብ» ከሆነ ነገሩ አለቀ። ሰው አጠገብህ ይኑር ማለት ነው፤ መርዶ ነው። «እንዳትመጣ» ከሆነ ግን «ይህን» የሚለውም በደንብ አልተነበበም፤ ሌላ ታሪክ ነው።

ሚጡ፣ ፎቶውን እንደገና አንሺ። ፍላሹን አጥፊ። ክፍሉን አጨልመሽ አንድ መብራት ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ ምንም ሳይቀረው ዝቅ አድርገሽ አብሪ። እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጫናል፤ ቀለሙ ቢጠፋም ቦዩ ይቀራል። ከጎን የመጣ ብርሃን ቦዩ ውስጥ ጥላ ይጥላል። አንዴ ከገጹ ግራ፣ አንዴ ከገጹ አናት በኩል እያበራሽ አንሺ። ብርሃኑ ከመጣበት ጋር ትይዩ የሆነ ጭረት አይታይም። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሪ ቀይ ማጣሪያ ተጠቀሚ። ሰማያዊ ቀለም በቀይ ማጣሪያ ይጠቁራል። ለቡናማ ቀለም ቢሆን ሰማያዊውን ሞክሪ እልሽ ነበር።

የድሮ ተማሪ፦
ወረቀቱን በትንሹ በውሃ ማርጠብስ? ቀለሙ ደመቅ ሲል አይቻለሁ።

ቁም ጸሐፊ፦
ኧረ በስመአብ! ለአፍታ ቢደምቅም ተሰራጭቶ ሊቀር ይችላል። ቦዩም ይሞላል። አይነካ።

ሚጡ፦
አነሣሁት! ከገጹ አናት በኩል ሳበራ የሸ ሰረዝ ወለል ብላ ታየች። የኘም አለች፣ ትንሽ ናት። «ሸኘናቸው» መሆኑ አሁን አያጠራጥርም። «ይህን»ም ልክ ነው። «እንዳ» ቀጥሎ ያለው ፊደል ደግሞ እግሩ ወደ ግራ ታጥፏል።

ቁም ጸሐፊ፦
እግሩ ወደ ግራ ከታጠፈ ታ ነው። ት ቢሆን እግሩ ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር። እንግዲህ «እንዳትመጣ» ወደቀ። «እንዳታ...» ነው። ከዚያስ?

ሚጡ፦
ከዚያ አንድ ፊደል እጥፋቱ ላይ ተልጧል። መጨረሻው ብ ነው፣ እሱ ግልጽ ነው።

ሰምና ወርቅ፦
«እንዳታስብ»! ይህን ብቻህን እንዳታስብ። አይዞህ ማለት ነው። መንገድም ቢሆን ያስኬዳል፤ እትዬ ርቀው ሄደዋል፣ እያሰብክ አትጨነቅ።

ወይን አበባ፦
«እንዳታነብ»ም በ ብ ነው የሚያልቀው።

ቁም ጸሐፊ፦
ሁለቱም ይገባሉ። እኔ ወደ «እንዳታነብ» አደላለሁ፤ «ይህን» የሚለው ከ«እንዳታስብ» ይልቅ ለሱ ይመቻል። ግን አልፈርምበትም። ልዩነቱ ነ ወይስ ስ ነው፤ የፊደሉ ስፋት ይለያቸዋል፤ ነ ቀጭን ናት። ሚጡ፣ በታና በብ መካከል ያለውን ክፍተት ለኪና እዚያው ገጽ ላይ «ስምህን» ከሚለው ስ፣ «ደህና ነን» ከሚለው ነ ጋር አስተያዪው። ቀጥሎ ወረቀቱን ገልብጠሽ ጀርባውን በጎን ብርሃን አንሺ። ጫናው በጀርባ በኩል አበጥ ብሎ ይወጣል፤ እጥፋቱ የፊቱን ቢልጠውም ጀርባው ላይ ሊተርፍ ይችላል። ፎቶውን ግራ ቀኝ ገልብጠሽ ለጥፊልን፤ እስከዚያ የእትዬን ነገር አንቁረጥ።