«ቡናና ሻይ የሚጠጡ» ሲባል ወተትስ?

ሕይወት፦ በልጄ የሒሳብ ጥያቄ አንድ ሐረግ ላይ ተከራክረን አልተስማማንም። 100 ሰዎች ምን እንደሚጠጡ ተጠየቁ። 60 ቡና፣ 45 ሻይ፣ 30 ወተት ይጠጣሉ። ቡናና ሻይ የሚጠጡ 25፣ ቡናና ወተት 15፣ ሻይና ወተት 12፣ ሦስቱንም የሚጠጡ 8። «ከሦስቱ ሁለቱን የሚጠጡ ስንት ናቸው?» ይላል። እኔ 25፣ 15 እና 12ን ደምሬ 52 አልኩ። እሷ 28 አለች። «ቡናና ሻይ የሚጠጡ» ማለት ወተት የማይጠጡ ማለት አይደለም እንዴ?

ደረጀ፦ ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው። 60፣ 45 እና 30 ሲደመር 135 ይመጣል። የተጠየቁት እኮ 100 ናቸው።

መምህር ታደሰ፦ ደረጀ፣ ለእያንዳንዱ መጠጥ አንድ ክብ ሥለን ጠጪዎቹን ውስጡ ብናስገባ፣ ቡናም ሻይም የሚጠጣው ሰው ሁለቱም ክብ ውስጥ ስላለ ሁለቴ ተቆጥሮ ነው። ወይዘሮ ሕይወት፣ ሐረጉ ስለ ወተት ምንም አላለም። ስለዚህ 8ቱ በ25ቱም ውስጥ አሉ። ክቦቹን ሲሞሉ ከመሃል ይጀምሩ። መጀመሪያ 8ን ያስገቡ። ቀጥሎ ቡናና ሻይ ብቻ 17፣ ቡናና ወተት ብቻ 7፣ ሻይና ወተት ብቻ 4። ድምሩ 28 ነው። በእርስዎ ንባብ ግን ወተት ክብ ውስጥ 15፣ 12 እና 8 ገብተው 35 ይሆናሉ። ወተት ጠጪው 30 ነው። አምስቱን ከየት እናምጣቸው?

ሰናይት፦ ጥሩ ማረጋገጫ ነው፣ ግን ሁሌ አያድንም። ወተት ጠጪው 36 ቢሆን ኖሮ በሕይወት ንባብም ወተት ብቻ የሚጠጣ 1 ሰው ይተርፍ ነበር። ቁጥሩ ዝም ይላል። ያኔ የሚፈርደው ቋንቋው ብቻ ነው።

ቴዎድሮስ፦ እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት መጠይቅ አዘጋጅቼ ነበር። «ቡና ወይስ ሻይ?» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም አንዱን ብቻ መርጦ መለሰልኝ፤ ክቦቹ የሚደራረቡበት ቦታ ላይ ሰው ጠፋ። «ወይስ» አንዱን ምረጥ ይላል። «ከእነዚህ የሚጠጡትን ሁሉ ምልክት ያድርጉ» ማለት ነበረብኝ።

ሕይወት፦ መምህር፣ 25ቱ ገባኝ። ግን በዚያው አካሄድ፣ ሦስቱንም የሚጠጣ ሰው ሁለቱን ይጠጣል እኮ። 8ቱን ስጨምር 36 አይሆንም?

መምህር ታደሰ፦ እውነትዎን ነው፣ እዚህ ላይ ይከብዳል። «ከሦስቱ ሁለቱን» ሲባል ለእኔ ጆሮ ሦስተኛው የቀረ ነው የሚመስለኝ። ከአምስት ጥያቄ ሦስቱን መለሰ ብንል፣ አምስቱንም መለሰ ብሎ የሚረዳን የለም።

ሰናይት፦ በወሬ ላይ ልክ ነዎት። ፈተና ላይ ግን አልስማማም። 28 የሚፈልግ «ሁለቱን ብቻ» ይበል፣ 36 የሚፈልግ «ቢያንስ ሁለቱን» ይበል። ቃል የጎደለው ጥያቄው ነው፤ ልጅቷ ነጥብ ልታጣ አይገባም።

ሕይወት፦ እንግዲያው ሁለቱንም መልስ ከነንባቡ ጽፋ ትወስዳለች። አስተማሪዋ የትኛውን እንደፈለጉ ነገ እነግራችኋለሁ።