ደመወዜን ልያዝ ወይስ ወደ ዶሮ እርባታ ልግባ? መወሰን አቅቶኛል

ጥያቄ (የሒሳብ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ግብሩና የጡረታ መዋጮው ተቀንሶ በየወሩ 14,500 ብር እጄ ይገባል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ግን የእንቁላል ዶሮ እርባታ ነው። ጅዳ የሚኖረው ወንድሜ 150,000 ብር ሊሰጠኝ ፈቅዷል፤ እስከ መስከረም ቁርጡን እንድነግረው ይፈልጋል። ሐይቅ ባለው የእናቴ ጓሮ ባዶ ቦታ አለ። የ3 ወር ቄብ 700 ብር፣ መኖ በኩንታል 5,000 ብር፣ እንቁላል ለነጋዴ 14 ብር እየተባለ ነው። 200 ዶሮ በቀን ከመቶ 80 ቢጥሉልኝ መኖው ተቀንሶ በወር 31,000 ብር ገደማ ይተርፈኛል። ይህን እያወቅሁ መቁረጥ አልቻልኩም። የተሳካለት ሰው ሳይ ልለቅ እነሳለሁ፤ በማግስቱ ዶሮው ያለቀበትን ሰው እሰማና እተወዋለሁ። እናንተ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ወሰናችሁ?

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ)

ልጄ፣ ማሰብ ሲበዛ እግር ያስራል። ስቲቨን ሌቪት የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁር ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ እንደሚለው ባለ ውሳኔ ያመነቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሳንቲም እንዲጥሉ ጋብዞ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ለውጡን የመረጡት ከቆዩት ይልቅ ደስተኞች ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ዱዓሽን ወይም ጸሎትሽን አድርጊና ለወንድምሽ እሺ በዪው። በዚህ ዕድሜዬ የማየው ሰው ከሞከረው ይልቅ ያልሞከረው ሲቆጨው ነው።

መልስ (የሠራተኛ ማኅበር ተመራጭ የነበርኩ፣ ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አለቃዎችዎ እንዲለቁ እየገፉዎት ከሆነ በቁጣ ወጥተው እንዳይቀሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገብተው ቅጂው ላይ የተቀበለበትን ቀን ያስፈርሙ። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለ አስቀድመው ያጣሩ። ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ምን አደረጉብዎት?

ጠያቂዋ

ማንም አልገፋኝም፤ አለቃዬ ደግ ሰው ነው። ነገሩን ያከበደብኝም አንዱ እርሱ ነው።

መልስ (የብድር ባለሙያ፣ ደሴ)

መምህር የጠቀሱት ጥናት እውነት ነው፤ ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ፈቅደው የገቡ፣ ስለ ደስታቸውም ራሳቸው የመለሱ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ከሥራ እስከ ፍቅር ልዩ ልዩ ነበር። ጥናቱ ያመነታ ሰው ለውጡን ቢመርጥ ብዙ ጊዜ እንደማይጸጸት ሊያሳይ ይችላል፤ የእርስዎ ዶሮ ከመቶ ስንት እንደሚጥል ግን አይናገርም። የታሰሩትም በዚያ ላይ ይመስለኛል። በየወሩ የሚያውቁትን 14,500 ብር ከማያውቁት 31,000 ብር ጋር እያመዛዘኑ ነው፤ ያንን ቁጥር ደግሞ የሰሙት ወሬ ሁሉ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ማመዛዘኑን ቢደጋግሙት አዲስ ነገር ስለማይገባበት መልሱም አይመጣም።

በመጀመሪያ 31,000ው ትክክለኛ ቁጥር አይደለም። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች፤ በእርስዎ ዋጋ 6 ብር ነው። ቄቧ ግን 700 ብር ተገዝታ እንቁላል እስክትጀምር ድረስ የ200 ብር ያህል መኖ ትበላለች። ከዓመት በኋላ አርጅታ በበዓል ሰሞን 400 ብር ብትሸጥ፣ የቀረው 500 ብር በዓመቱ ቀናት ሲከፈል በቀን 1 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። ለክትባት፣ ለጉዝጓዝ፣ ለመብራት፣ ለመጓጓዣና ለሚሞቱት 1 ብር ከ60 ሳንቲም ብንይዝ አንዷ ዶሮ በቀን 9 ብር ታስወጣለች። በ14 ብር ዋጋ ወጪዋን የምትመልሰው ከመቶ 65 ያህል ስትጥል ነው። ያሰቡት 80 ከተገኘ በአንዷ 2 ብር ከ20 ሳንቲም፣ በ200ዎቹ ደግሞ በወር 13,200 ብር ይተርፋል። ያውም ቤት መሥሪያውን ሳንቆጥር ከደመወዝዎ በታች ነው። በጾም ዋጋው ወደ 12 ብር ቢወርድ ትርፉ 3,600 ብር ይሆናል። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎት አይደለም፤ ሕይወትዎን በሙሉ ያንጠለጠለው የመጣል መጠንና የመሸጫ ዋጋ መሆኑን እንዲያዩት ነው። ሁለቱም ሥራ ሳይለቁ የሚታወቁ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር፣ ዶሮ መያዝና ሥራ መልቀቅ አንድ ውሳኔ ሆነው ተጣብቀውብዎታል። ጆሴፍ ራፊ እና ጂ ፌንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ሥራቸውን እንደያዙ ንግድ ጀምረው በኋላ ሙሉ በሙሉ የገቡበት ሰዎች፣ መጀመሪያውኑ ሥራ ለቀው ከገቡት ይልቅ ንግዳቸው የመዘጋት ዕድሉ በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አገሩ ሌላ ቢሆንም ምክንያቱ እዚህም ይሠራል፤ ደመወዝ ያለው ሰው የማያዋጣውን ነገር በትንሽ ጉዳት አይቶ ይተወዋል። ስለዚህ ለወንድምዎ “ለ50 ዶሮ የሚሆነውን ብቻ ላክልኝ፤ ስለ ቀሪው ከፋሲካ በኋላ እነግርሃለሁ” ይበሉት። ቄቦቹን በመስከረም ቢገዙ እንቁላል በኅዳር ይጀምራሉ፣ በጥር አካባቢ ይደምቃሉ፣ ከዚያ ሁዳዴ ይገባል፤ ጥሩውንም ክፉውንም ዋጋ በአንድ ወቅት ያዩታል ማለት ነው።

አሁኑኑ፣ ስሜቱ ሳይነሳ፣ በወረቀት ይጻፉት፦ ከጥር እስከ ፋሲካ አማካዩ ከመቶ 75 ከደረሰና በሁዳዴ ከ13 ብር በታች ካልሸጥኩ እቀጥላለሁ፤ ከ65 በታች ከሆነ ዶሮዎቹን ሸጬ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ወረቀቱን ለወንድምዎ ይላኩለት። በ65 እና በ75 መካከል ቢወድቅስ? ያኔ እንደገና ያመነታሉ፤ የሚያመነቱት ግን ስለ ታወቀ ነገር ይሆናል።

መልስ (ዶሮ አርቢ፣ ተሁለደሬ)

አሰላሙ አለይኩም። ባለሙያው በሒሳቡ ላይ ያሉትን እቀበላለሁ፤ በሁለት ነገር ግን እለያለሁ።

አንደኛ፣ ዶሮው ሐይቅ፣ ባለቤቷ ኮምቦልቻ ከሆነች ሙከራው የእናትየው እንጂ የእርስዋ አይደለም። በመካከል ደሴ አለ፤ ከሥራ በኋላ ደርሶ መመለስ የሚቻል መንገድ አይደለም። የእኔን ልንገርዎ፤ ጠዋት መጀመሪያ የማየው መመገቢያውን ነው። ሌሊቱን የተረፈ መኖ ካየሁ፣ እንቁላሉ ገና ሳይቀንስ፣ አንድ ነገር እንደመጣ አውቃለሁ። ወንድሜ ሲጠብቃቸው በነበረበት ጊዜ የተረፈውን መኖ እያየ አዲስ ይጨምርበት ነበር፤ አረንጓዴ ተቅማጥና የተጠማዘዘ አንገት እስኪያይ ድረስ አልደወለልኝም። ፈንግል ነበር። የተከተቡ ነበሩ፤ ነገር ግን ክትባቱ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ነበር የተበጠበጠው፤ ክሎሪን ደግሞ ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ በተከራዩበት ግቢ 30 ብቻ ቢሆንም ራስዎ ያርቡ። ከዚያም ዶሮዎቹ በቀን 16 ሰዓት ብርሃን እንደሚፈልጉ፣ መብራት በጠፋ ሰሞን እንቁላሉ እንዴት እንደሚሆን፣ እርስዎም በንጋት መነሳቱን ይወዱት እንደሆነ ያዩታል።

ሁለተኛ፣ የሁዳዴው 12 ብር ለአዲስ አበባ ይሆን ይሆናል። በእኛ አካባቢ ሙስሊሙ ደንበኛ በሁዳዴም ይገዛኛል፤ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይወድቅም።

መልስ (የብድር ባለሙያ)

በዋጋው አልስማማም። የእርስዎ ደንበኛ ጎረቤትዎና የመንደሩ ሱቅ ነው። 200 ዶሮ በቀን 160 እንቁላል ይሰጣል፤ ይህን የሚያነሳው ነጋዴ ወይም ሆቴል ነው፤ ጾም ሲገባ መጀመሪያ ትእዛዝ የሚቀንሱትም እነርሱ ናቸው። የቦታው ነገር ግን እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ሐይቅን ያነሳሁት የእናትዋ ጓሮ ስለተጠቀሰ ነበር።

ሽያጩን ለመፈተን ደግሞ ዶሮ መጠበቅ አያስፈልግም። በዓመት ፈቃድዎ ሳምንት ከአርቢ በጅምላ እንቁላል ገዝተው በኮምቦልቻ ለካፌና ለሱቅ ያከፋፍሉ። ሰውየው “ነገ ነይ” ሲልዎት፣ ሌላው በዱቤ ሲጠይቅዎት፣ ሦስተኛው የተሰበረውን ሲመልስልዎት የዚህን ሥራ ግማሽ አዩ ማለት ነው።

ጠያቂዋ

የመኖውን ብቻ ቀንሼ የቄቡን ዋጋ መርሳቴ፣ ያውም የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ፣ አሳቀኝም አሳፈረኝም። 30 ዶሮ በግቢዬ እንድይዝ አከራዬን ትናንት ጠየቅኋቸው፤ ሽታውን ፈርተው እስከ እሑድ ላስብበት ብለዋል። ያልተፈታልኝ ግን አንድ ነገር አለ። እናቴ ዶሮዎቹ ሐይቅ እንዲሆኑ የምትፈልገው ለእርባታው ሳይሆን እኔ ወደ እርስዋ እንድመለስ ነው። ይህን በየትኛው ቁጥር ልጻፈው?

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ)

እሱ በወረቀቱ ላይ አይጻፍም። እናትሽ ዘንድ ሄደሽ የዶሮውን ወሬ ሳታነሺ እደሪ፤ እርጅናዋ ወይም ጤናዋ ከሆነ ያሳሰባት፣ የዶሮው ሒሳብ የፈለገውን ያህል ቢያምር ሌላ ጥያቄ ነው።

መልስ (ዶሮ አርቢ፣ ተሁለደሬ)

ለአከራይዎ ጉዝጓዙ ከደረቀ ሽታው እንደሚቀንስ ይንገሩልኝ። ገለባውን ወይም ሰጋቱራውን አንድ ስንዝር ያህል አንጥፈው በየሁለት ቀኑ ይገለብጡት፤ የሚያሸተው ከመጠጫው ሥር የሚርሰው ነው፤ እሱን ብቻ እያወጡ በደረቅ ይተኩ። እሑድ እሺ ካሉ ቄብ ከመግዛትዎ በፊት የክትባት ካርዱን ከሻጩ ተቀብለው ያንብቡ፤ ካርድ የሌለውን በቅናሽም ቢሆን አይግዙ።