ለ1 ሊትር ውሃ ስንት ግራም ጨው?

ጠያቂ፣ አዳማ፦ ካሮት፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን በጨው ውሃ አስቀምጬ እንዲኮመጥጥ ፈልጌ ነበር። «ሁለት በመቶ ጨው» የሚል አንብቤ በ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም አሟሟሁና 1 ኪሎ አትክልት ላይ አፈሰስሁት። በአራተኛው ቀን ካሮቱ ልፍስፍስ ብሎ ነበር፤ ክዳኑን ስከፍት የብስባሽ ሽታ ወጣ። አሁን ጨው ብጨምርበት ይድናል?

የሀዋሳዋ ባለ ጓዳ፦ የእኔ እናት ሚዛን አታውቅም። እንቁላል ትጥልበታለች፤ እንቁላሉ ከተንሳፈፈ ጨዉ በቂ ነው። ዘንድሮም እንደዚያው ነው የምሠራው።

ጡረተኛው፦ እኔ ካሮቱን በፈላ ኮምጣጤ ነው የማስቀምጠው፤ ጨው አንድ ማንኪያ ይበቃዋል። ምን ያደክማችኋል?

ምግብ ማቀነባበሪያ የሠራሁ፦ አባቴ፣ የእርስዎ መንገድ ሌላ ነው፤ እዚያ አትክልቱን የሚጠብቀው ኮምጣጤው ነው። እዚህ ግን መኮምጠጡ ገና መምጣት አለበት፤ እስኪመጣ ድረስ ጨዉ በሩን ይዞ ይቆማል።

እህቴ፣ ያነበብሽው ሁለት በመቶ ከጠቅላላው ክብደት የሚሰላ ይመስለኛል፤ አንቺ ግን ከውሃው ብቻ አሰላሽው። አትክልቱ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ጨዉን ይካፈላል። 20 ግራም ለ2 ኪሎ ሲዳረስ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ቀረ። ለእኩል ክብደት አትክልት በ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም አድርጊ፤ ሲዳረስ ወደ 2.5 በመቶ ይወርዳል። በማንኪያ አትስፈሪ፣ ደቃቅና ሻካራ ጨው በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም።

የበሰበሰውን ጣይው፤ አትቅመሺውም። ዘግይቶ የገባ ጨው የተበላሸውን አይመልስም።

የእንቁላሉ ነገር ደግሞ፣ ትኩስ እንቁላል የሚያንሳፍፍ ውሃ አሥር በመቶ ገደማ ጨው አለው። አይበሰብስም፣ ግን መኮምጠጡ በጣም ይዘገያል። የቆየ እንቁላል ደግሞ ያለ ጨውም ይንሳፈፋል።

የሀዋሳዋ ባለ ጓዳ፦ የእናቴ ቃሪያ ተበላሽቶ አያውቅም። ከመብላታችን በፊት ግን በውሃ እናቆየዋለን፣ እሱ እውነት ነው።

ጠያቂ፦ የደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ አለ። ትንሽ ልቀንሰው?

ምግብ ማቀነባበሪያ የሠራሁ፦ ከጠቅላላው ክብደት ከ2 በመቶ በታች አታውርጂው፣ በተለይ በአዳማ ሙቀት። ሙቀት መኮምጠጡን ያፋጥነዋል፣ አትክልቱንም ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ ማሰሮውን ጥላ ያለበት ወለል ላይ አኑሪው። ለታማሚው ሐኪሙን ጠይቂ፤ ማጠብ ጥቂቱን ብቻ ይቀንሳል። የአሲድ መለኪያ ወረቀት ካገኘሽ፣ ከ4.6 በታች መውረዱን ሳታዪ አታቅርቢው። አትክልቱ ከውሃው በላይ ብቅ እንዳይል ንጹሕ ድንጋይ ወይም ትንሽ ሳህን ጫኚበት።

ጠያቂ፦ ቃሪያውን ሳልቆርጥ ነበር ያስገባሁት። እሱም ችግር ይሆናል?

ምግብ ማቀነባበሪያ የሠራሁ፦ ውስጡ አየር ስላለ ይንሳፈፋል፣ ጨው ውሃውም ዘግይቶ ይገባል። በቢላ ጫፍ አንድ ቦታ ውጊው።

የሀዋሳዋ ባለ ጓዳ፦ ላዩ ላይ ነጭ ስስ ነገር ሲያደርግስ? እኔ እገፍፈዋለሁ፣ ጎረቤቴ ሙሉውን ትደፋለች።

ምግብ ማቀነባበሪያ የሠራሁ፦ ስስና ልሙጥ ከሆነ እኔም ገፍፌ አውቃለሁ። ጸጉር ያወጣ ወይም አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ሮዝ ከሆነ ሙሉውን እደፋለሁ። ጎረቤትሽን ግን አልከራከራትም።

ጠያቂ፦ ነገ 800 ግራም አትክልት፣ 800 ግራም ውሃ፣ 40 ግራም ጨው መዝኜ እጀምራለሁ።