ሙጫው የግንባሬን ዳር ፀጉር ይዞት ወጣ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ለእህቴ ሰርግ ሌስ ፍሮንት ዊግ አሠራሁ። ከሥር ጠበቅ ያለ ሹሩባ፣ ከላዩ የናይለን ካፕ፣ ግንባሬ ዙሪያ ሙጫ። እውነት ለመናገር አምሮብኝ ነበር። ለዚህም ነው በሳምንት መውለቅ የነበረበትን 3 ሳምንት ያቆየሁት።

በ2ኛው ሳምንት ያሳክከኝ ጀመር። ላብ ነው ብዬ ተውኩት። ሙጫ ማስለቀቂያ ስላልነበረኝ አንድ ማታ በደረቁ ሳብኩት። ሌሱን መብራት ላይ ሳየው ሙጫው በጥቃቅን ፀጉር ተሞልቷል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ነጭ ፍሬ አለው። ከሥሩ ነው የተነቀለው።

ይኸው 2 ወር ሆነኝ። ማሳከኩና ትንንሾቹ ብጉሮች ሙጫውን ከተውኩ በ10 ቀን ጠፉ። ቅቤም የጉሎ ዘይትም ቀባሁ፤ ቅቤው የተረፈው ለትራሴ ነው። በግራ በኩል እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ ነገር ብቅ ብሏል። በቀኝ ግን ከጆሮዬ በላይ የጣት ስፋት የሚያህል ቦታ ባዶ ነው። ቆዳው ያብረቀርቃል፤ የፀጉር ቀዳዳዎቹም በመስታወት አይታዩኝም።

ሥራ ስሄድ ያለ ሙጫ በላስቲክ የሚታሰር ዊግ አደርጋለሁ። ላስቲኩ የሚያርፈው ግን እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ማታ ሳወልቀው ቀይ መስመር ይተዋል።

እንዲህ የደረሰባችሁ ወይም ሙያውን የምታውቁ፦ ላስቲኩን ትቼ በሻሽ እየዋልኩ ቀኙን ጥቂት ወር ልጠብቀው፣ ወይስ የሚያብረቀርቀው ጠባሳ እየሆነ ስለሆነ ከአሁኑ ባሕር ዳር ወርጄ የቆዳ ሐኪም ልታይ?